የአሥራ ሁለት ጋውን ሂሳብ፤ ወይም አንዱ ከፍሎ ዕቃ በተመለሰ ጊዜ ማን ለማን ምን ይከፍላል?

ባለፈው ወር አምስት ጓደኛሞች አንድ ጠብ ይዘው ወደ እኔና ወደ አንድ ሌላ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ዘንድ መጡ። ሽማግሌ ሁኑን ማለታቸው ነው። የጠቡ መነሻ ገንዘብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከአምስቱ መካከል የሰው ገንዘብ ልብላ ብሎ የተነሣ አንድም አልነበረም። እያንዳንዳቸው በየወረቀታቸው ሂሳባቸውን ጽፈው መጥተዋል፤ የእያንዳንዱም ድምር በትክክል የተደመረ ነው። ግን አምስቱ ወረቀቶች እርስ በርሳቸው አይገናኙም። የአንዱን ከሌላው ጋር ስናስተያይ ከስድስት መቶ ብር በላይ የትም ሳይታይ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ነገር በየዶርሙ በየጊዜው የሚደርስ ስለ ሆነ፥ ሂሳቡን እንዴት እንደ ፈታነው እዚህ ላይ ማውጣቱ ለሌላው ሳይጠቅም አይቀርም በማለት ጻፍሁት። ባለጉዳዮቹም ስማቸው እስካልተነሣ ድረስ ፈቅደዋል። ስለዚህ በየትምህርት ክፍላቸው እንጠራቸዋለን፤ ዋጋውንም ለአቆጣጠር እንዲመች ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስቱም ለላቦራቶሪ ነጭ ጋውን ያስፈልጋቸው ነበር። መርካቶ አንድ ሱቅ ዋጋ ጠየቁ። ነጋዴው አንድ ለሚገዛ 900 ብር፥ ስድስትና ከዚያ በላይ ለሚወስድ በነፍስ ወከፍ 800 ብር፥ ደርዘን ለሚሞላ ደግሞ 750 ብር አላቸው። ጓደኛሞቹ ደርዘን ለመሙላት ተማከሩና እንዲህ ተከፋፈሉ፤ የኬሚስትሪው ሁለት፥ የባዮሎጂዋ ሦስት፥ የፋርማሲው ሁለት፥ የጂኦሎጂው አንድ፥ የነርሲንጓ አራት። ይህ አሥራ ሁለት ይሆናል። የኬሚስትሪው ከቤተ ሰቡ የተላከለት ገንዘብ በእጁ ስለ ነበረ፥ «እኔ ልክፈልና ትሰጡኛላችሁ» አለ። 9,000 ብር ለነጋዴው፥ 300 ብር ደግሞ ለታክሲና ለተሸካሚ አወጣ።

ከመግዛቱ በፊት ከጓደኞቹ የተቀበለው እኩል አልነበረም። የነርሲንጓ የአራቱን ዋጋ 3,000 ብር አስቀድማ ጨርሳ ሰጥታዋለች። የባዮሎጂዋ 1,000፥ የጂኦሎጂው 750 ብር ሰጥተዋል። የፋርማሲው «ወሩ ሲገባ» ብሎ ምንም አልሰጠም።

ጋውኖቹ መጥተው ሲለኩ፥ ለባዮሎጂዋ ከደረሷት ከሦስቱ የአንዱ እጅጌ ከብብቱ ሥር ተተርትሮ ተገኘ። የነርሲንጓ ደግሞ ሁለቱን ለእኅቷ ብላ ነበር ያዘዘችው፤ እኅቷ ሌላ ቦታ መግዛቷን ስትሰማ ሁለቱን መመለስ ፈለገች። የኬሚስትሪው ሦስቱን በአንድ ከረጢት ይዞ፥ ለታክሲ 120 ብር አውጥቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

«ጋሼ፥ ሦስቱን ልንመልስ ነበር» አለ።

«መመለሱን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ልጄ፥ ዘጠኝ የወሰደ ሰው የደርዘን ዋጋ አያገኝም» አሉት ነጋዴው። ዘጠኙን በ800 አስበው 7,200 ብር አስቀሩና ከ9,000 ላይ የተረፈውን 1,800 ብር በእጁ ሰጡት። ሦስት ጊዜ 750 ግን 2,250 ነው። 450 ብር ጎደለ ማለት ነው። ጠቡ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው።

«አንቺ ሁለቱን ባትመልሺ ኖሮ ደርዘኑ አይፈርስም ነበር» አላት የፋርማሲው።

«እኔ አራት ባላዝ ኖሮስ ደርዘኑ ከየት ይመጣ ነበር?» ብላ መለሰችለት።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም የተናገሩት ልክ ነው። ለዚህም ነው ሂሳቡ በመደመርና በመቀነስ ብቻ የማይፈታው። አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይኸውም የጎደለው 450 ብር በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው።

የነርሲንጓ አንድ ተጨማሪ ክርክር አቀረበች። «ደርዘኑን ያፈረሰው መጀመሪያ የተመለሰው ጋውን ነው፤ እሱም የተበላሸው ነው። የእኔ ሁለቱ የተመለሱት ደርዘኑ ከፈረሰ በኋላ ነው» አለች። ይህ ክርክር በቁጥር ሲታይ አስገራሚ ነው። አንድ ጋውን ብቻ ቢመለስ አሥራ አንዱ በ800 ሲታሰቡ 8,800 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ነጋዴው የሚመልሱት 200 ብር ብቻ ነው። ሁለተኛው ሲመለስ ሌላ 800፥ ሦስተኛው ሲመለስ ሌላ 800 ይመልሳሉ። እንግዲህ በተራ ከሄድን መጀመሪያ የቆመው 550 ብር ይከስራል፤ ከኋላው ያሉት ግን በ750 ገዝተው በ800 ይመልሳሉ፤ ማለት እያንዳንዳቸው 50 ብር ያተርፋሉ። መመለስ ትርፍ ሊሆን ከቶ አይችልም። ሦስቱም በአንድ ቀን በአንድ ከረጢት ስለ ሄዱ ፊተኛና ኋለኛ የላቸውም። ስለዚህ ተራውን ትተን የተመለሱበትን ምክንያት መረመርን።

የተተረተረው ጋውን የተመለሰው በሻጩ ጉድለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል፥ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፥ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ኀላፊ መሆኑን፥ ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። የኬሚስትሪው ሱቁ ውስጥ ሊለው ይገባ የነበረው «ይህ የተበላሸው ለብቻው ይታይልን፤ ወይ ይለወጥልን ወይ ሙሉ ዋጋው ይመለስልን» ነበር። ሦስቱን በአንድ ላይ አውጥቶ በማስቀመጡ ነጋዴው ሁሉንም በአንድ ዓይን አዩት። ሆኖም ልብ ብለን ስናሰላው በነጋዴው እጅ የቀረ ነገር የለም። የተበላሸው ተለይቶ ሙሉ 750 ብር ቢመለስና የሁለቱ መመለስ ደርዘኑን አፈረሰ ተብሎ ዘጠኙ በ800 ቢታሰቡ፥ ድምሩ ያው 1,800 ነው። ስለዚህ ከ1,800 ላይ 750ው የባዮሎጂዋ ነው። የተተረተረው ጋውን ለእሷ የደረሰው በዕጣ እንጂ በጥፋቷ አይደለም። የቀረው 1,050 ብር የሁለቱ ጋውን ተመላሽ ይሆናል፤ በአንዱ 525 ብር ማለት ነው።

ይህ ማለት የ450ው ጉድለት በነርሲንጓ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ፍትሕ ነውን? አብሮኝ የተቀመጠው ሽማግሌ አይደለም አለ። የእሱ አሳብ እንዲህ ነበር፤ የነርሲንጓ ከመጀመሪያው ሁለት ብቻ ብታዝ ኖሮ የሁሉም ትእዛዝ አሥር ይሆን ነበር፤ ሁሉም በ800 ይገዙ ነበር። እንግዲህ አሁን የቀሩት ዘጠኙ እያንዳንዳቸው 50 ብር ቢጨምሩ ማንም ካለዚያ ይሆን ከነበረው በላይ አልተጎዳም። በዚህ አቆጣጠር ለሁለቱ ጋውን 1,500 ብር ይመለስላታል፤ ለያዘቻቸው ለሁለቱ ደግሞ 100 ብር ትጨምራለች፤ በእጇ 1,400 ይቀራታል። በእሱና በእኔ ፍርድ መካከል ያለው ልዩነት 350 ብር ነው። ይህም ሌሎቹ የያዟቸው ሰባት ጋውኖች እያንዳንዳቸው በ50 ብር ሲባዙ የሚመጣው ነው።

እኔ ግን የተለየሁበት ምክንያት አለኝ። እያንዳንዱ የገባው 750 ተብሎ ተነግሮት ነው። የጂኦሎጂው ለምሳሌ 800 ቢባል ኖሮ ከታላቅ ወንድሙ አሮጌ ጋውን ሊዋስ ይችል ነበር። የመመለሱን ውሳኔ የወሰነችው የነርሲንጓ ብቻዋን ናት፤ ውሳኔው የሚያስከትለውን ወጪ ሌላው ሳይጠየቅ ሊሸከም አይገባውም። አስቀድመው «የተረፈው ይመለሳል፤ ዋጋውም በመጨረሻ በቀረው ቁጥር ይታሰባል» ብለው ተስማምተው ቢሆን ኖሮ ግን የጓደኛዬ አቆጣጠር ያለ ጥርጥር ያሸንፍ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የሂሳብ ሳይሆን የስምምነት ነው፤ ገና ሳይገዛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊዘጋ የሚችል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ጋውኖቹ ወደ መርካቶ መመለስ ያልነበረባቸው መሆኑ ነው። በችርቻሮ 900 የሚሸጥ ጋውን በዶርሙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «700 ብር» ተብሎ ቢለጠፍ በማግሥቱ ገዢ ያገኝ ነበር። ገዢው 200 ብር ይቆጥባል፤ የነርሲንጓ ከሁለቱ 1,400 ብር ታገኛለች፤ ደርዘኑም በእሷ ምክንያት አይፈርስም። ሱቁ ከሚመልሰው ከ525 በላይ የሆነ ማንኛውም ዋጋ ለእሷ ይሻላት ነበር። ይህን ስነግራት «አሁን ነው የምትነግረኝ?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ብቻ ከክርክሩ በኋላ 1,050ን ተቀበለች።

ቀጥሎ የመጓጓዣው ነገር መጣ። የፋርማሲው «በጋውን ቁጥር ይከፈል» አለ፤ የነርሲንጓ በበኩሏ ለተመለሱት ለምን እከፍላለሁ አለች። ታክሲው ለአንድ ጋውንም ለአሥራ ሁለትም ያው ነው፤ ገንዘቡም ከወጣ በኋላ ዕቃ በመመለሱ አይመለስም። ስለዚህ 300ውን ለአምስት፥ ለእያንዳንዱ 60 ብር አደረግነው። ተሸካሚው በጭነቱ ብዛት ይታሰብ ቢባል ይቻላል፤ ነገር ግን ስለ አምስትና አሥር ብር ሌላ ጉባኤ መጥራት አልፈለግንም።

የመመለሻው 120 ብር ግን የተለየ ነው። የወጣው ስለ ሦስት ጋውን ስለ ሆነ በአንዱ 40 ብር ይደርሳል። የሁለቱን 80 ብር የነርሲንጓ ትከፍላለች። የተበላሸውን 40 ብር ግን በባዮሎጂዋ ላይ መጫን ደግ አይደለም፤ ጋውኑ ለማንኛቸውም ሊደርስ ይችል ነበርና። ለአምስት ተካፍሎ ለእያንዳንዱ 8 ብር ሆነ።

አሁን የየአንዳንዱ ድርሻ ሊጻፍ ይችላል። የኬሚስትሪው፥ የባዮሎጂዋና የፋርማሲው እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጋውን ይዘዋል፤ 1,500 ሲደመር 60 ሲደመር 8፥ ማለት 1,568 ብር። የጂኦሎጂው አንድ ይዞ 818 ብር። የነርሲንጓ አራት ገዝታ 3,000፥ ከዚያ 1,050 ሲቀነስ 1,950፥ በዚህ ላይ 60፥ 8 እና 80 ሲጨመር 2,098 ብር። አምስቱን ብንደምር 7,620 ብር ይመጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መመርመር ግድ ነው። ከእጅ የወጣው በእውነት ስንት ነው? 9,000 ለጋውን፥ 300 እና 120 ለመጓጓዣ፥ ሲደመር 9,420፤ ከዚህ የተመለሰው 1,800 ሲቀነስ 7,620። ሁለቱ ቁጥሮች ተገናኙ። ባይገናኙ ኖሮ ወደ ክፍያ መሄድ አይገባም ነበር፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ወይም ተረስቷል ማለት ነውና።

ከዚያ እያንዳንዱ የሰጠውን ከድርሻው ጋር ማስተያየት ብቻ ይቀራል።

የባዮሎጂዋ፤ ድርሻ 1,568፥ የሰጠችው 1,000፥ የሚጎድላት 568።
የፋርማሲው፤ ድርሻ 1,568፥ የሰጠው ምንም፥ የሚጎድለው 1,568።
የጂኦሎጂው፤ ድርሻ 818፥ የሰጠው 750፥ የሚጎድለው 68።
የነርሲንጓ፤ ድርሻ 2,098፥ የሰጠችው 3,000፥ የሚመለስላት 902።
የኬሚስትሪው፤ ድርሻ 1,568፥ ከኪሱ የወጣው 2,870፥ የሚመለስለት 1,302።

የኬሚስትሪው 2,870 ከየት መጣ ለሚል፤ ካወጣው 9,420 ላይ ከነጋዴው የተመለሰለት 1,800ና ከጓደኞቹ አስቀድሞ የተቀበለው 4,750 ሲቀነስ ነው። የሚጎድልባቸው ሦስቱ ድምር 2,204 ነው፤ የሚመለስላቸው የሁለቱም ድምር 2,204 ነው።

ያ ስድስት መቶ ብር በላይ የጠፋው እንግዲህ ወዴት ነበር? በባዮሎጂዋ ወረቀት ላይ አገኘነው። እሷ «አንዱ ጋውኔ ስለ ተመለሰ 750 ብር በእጄ ይሰጠኝ፤ የያዝሁት ሁለት ስለ ሆነ የሁለቱን ብቻ እከፍላለሁ» ብላ ነበር የጻፈችው። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን ያን ሦስተኛ ጋውን ገና አልከፈለችበትም። የሦስቱ ዋጋ 2,250 ሆኖ የሰጠችው 1,000 ብቻ ስለ ነበር 1,250 ዕዳ ነበረባት፤ የጋውኑ መመለስ ያን ዕዳ ወደ 500 አወረደላት እንጂ ጥሬ ገንዘብ አላስገኘላትም። 750ውን ከተቀበለች በኋላ ሦስተኛውን ከሂሳቡ ካወጣችው፥ አንድ ጋውን ሁለት ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የረሳችው የመጓጓዣ 68 ብር ሲገባ ወረቀቷ ላይ የጎደለው 818 ብር ሆነ፤ ሌሎቹ ወረቀቶች በተለያየ አቅጣጫ ስለ ተሳሳቱ ጉድለቱ ተሸፋፍኖ ነበር። ስታየው ራሷ ሳቀች። ይህ ስሕተት በእንዲህ ያለ ሂሳብ ከሁሉ የበዛ ነው፤ የተመለሰ ዕቃ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኘው አስቀድሞ ለከፈለበት ሰው ብቻ ነው።

የነርሲንጓ ግን ሁሉንም አስቀድማ ከፍላ ስለ ነበር የእሷ ተመላሽ በእርግጥ ጥሬ ገንዘብ ነው። 1,050 ሆኖ 60፥ 8 እና 80 ሲነሣለት 902 ይሆናል። እዚህ ላይ የኬሚስትሪው አንድ ነገር ተናገረ፤ «የፋርማሲው ሲከፍለኝ እሰጣታለሁ» አለ። ይህንን ሁለታችንም ሽማግሌዎች ተቃወምን። ከነጋዴው የተቀበለው 1,800 ብር ገና በእጁ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የእሷ የሆነው የሌላ ሰው ዕዳ እስኪከፈል ሊታገት አይገባም። ሕጉም ቢሆን ስለ ውክልና ሲናገር፥ ተወካይ ስለ ወካዩ የተቀበለውን ሁሉ እንዲያስረክብና ሂሳቡን እንዲያስታውቅ፥ ወካዩም ተወካዩ ለሥራው ያወጣውን እንዲተካለት ያዛል። ለጓደኞቹ ከፍሎ የገዛ ሰው በዚህ ዓይን ሲታይ ለእያንዳንዳቸው ተወካይ ነው። ስለዚህ ለነርሲንጓ ያለበትን ማስረከብ አለበት፤ የፋርማሲው ደግሞ ለእሱ ያለበትን መተካት አለበት። ሁለቱ ጉዳዮች አይገናኙም። የፋርማሲውን ማመንና መጠበቅ የኬሚስትሪው ፈቃድ ነበር፤ የነርሲንጓ አልነበረም።

አከፋፈሉ በዚያው ማታ ተፈጸመ። የኬሚስትሪው ለነርሲንጓ 902 ብር ሰጠ። የባዮሎጂዋ 568ቱን፥ የጂኦሎጂው 68ቱን በስልክ በቴሌብር ላኩለት። መልእክቱ ከነቀኑ ስልክ ላይ ስለሚቀር ለኋላ ምስክር ይሆናል። የጂኦሎጂው «ስለ 68 ብር ነው ይህን ያህል የተቀመጥነው?» ብሎ አጉረመረመ። የፋርማሲው 800 ብር አምጥቶ የቀረውን 768 ወሩ ሲገባ እንደሚከፍል በዚያው ወረቀት ላይ ቀኑን ጽፎ ፈረመ። ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ የኬሚስትሪው ከኪሱ የወጣበት ልክ 1,568 ብር ይሆናል፤ እንደ ሌሎቹ ሁለት ጋውን እንደ ያዙት፥ አንድ ብር ሳይበልጥ ሳይጎድል።

ልንነሣ ስንል የባዮሎጂዋ «ምራቂውስ?» አለች። ለካ ነጋዴው በመጀመሪያው ቀን ደርዘኑ ሲሞላ ሁለት እስክሪብቶ መርቀውለት ኖሯል። የኬሚስትሪው ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። አንዱ ቀለሙን ጨርሷል። ሌላውን ለጂኦሎጂው ሰጡት።